ክሊክን ከማመን በፊት፦ የቦታ አድልዎን ለመለካት የትኛው መንገድ ይሻላል?

የአንድ ሰነድ መፈለጊያ የክሊክ ሎግ ከፈትን እንበል። ለአንድ ተደጋጋሚ ጥያቄ አንዱ ሰነድ ሁልጊዜ 1ኛ፣ ሌላው ሁልጊዜ 5ኛ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም 1,000 ጊዜ ቀርበዋል። የላይኛው 200 ጊዜ ተከፍቷል፣ የታችኛው 80 ጊዜ። ለጥያቄው ይበልጥ የሚስማማው የትኛው ነው?

ቁጥሩን አይቶ «የላይኛው» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ሰው ውጤቶችን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ብዙው 5ኛው ጋ ሳይደርስ ይቆማል። እስከዚያ የሚወርደው ከአራት ሰው አንዱ ከሆነ የታችኛው ሰነድ በእርግጥ የታየው 250 ጊዜ ብቻ ነው። ካዩት 250 ሰዎች 80ዎቹ ከፈቱት፤ 32 በመቶ ማለት ነው። 1ኛውን ሁሉም ያየዋል ካልን የላይኛው 20 በመቶ ላይ ቀረ፣ ስለዚህ ታችኛው በለጠ። እስከ 5ኛው የሚወርደው ከሁለት ሰው አንዱ ከሆነ ግን የታችኛው 16 በመቶ ይሆንና የላይኛው ይበልጣል። ከአስር አንዱ ከሆነ ደግሞ 80 በመቶ ይደርሳል። በሎጉ ውስጥ አንዲት መስመር እንኳ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ስለ ሰው ዓይን የገመትነው ነው።

የቦታ አድልዎ የሚባለው ይኸው ነው። ውጤቶችን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠውን ሞዴል ከዚህ በኋላ «ደርዳሪ» ልበለው። ደርዳሪው አድልዎው ሳይታረም በክሊክ ከሠለጠነ፣ የሚማረው የትኛው ሰነድ እንደሚጠቅም ሳይሆን የቀደመው ደርዳሪ የትኛውን ላይ አስቀምጦ እንደነበረ ነው። ላይ ያለው ስለታየ ይከፈታል፣ ስለተከፈተ እንደገና ላይ ይወጣል።

## የምንፈልገው አንድ ተርታ ቁጥር

የተለመደው ሞዴል ቀላል ነው። ሰው አንድን ሰነድ እንዲከፍት ሁለት ነገር መሟላት አለበት፤ ሰነዱን ማየት፣ ካየው በኋላም የሚፈልገው ሆኖ ማግኘት። የመጀመሪያው የቦታው፣ ሁለተኛው የሰነዱ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ይባዛሉ።

```
P(click | d, k) = theta[k] * rel(d)
```

`theta[k]` በ`k`ኛው ቦታ ያለ ሰነድ የመታየት ዕድል ነው፤ `rel(d)` ደግሞ ሰነዱ `d` ከታየ በኋላ የሚፈለገው ሆኖ የመገኘቱ ዕድል። 1ኛው ቦታ 1 ነው ብለን ሌሎቹን ከእሱ አንጻር እንለካለን። ይህ ተርታ ከታወቀ እርማቱ ብዙ አይደለም፤ እያንዳንዱን ክሊክ በቦታው `theta` አካፍለን ክብደት እንሰጠዋለን። 5ኛው ቦታ 0.25 ከሆነ፣ እዚያ የተገኘ አንድ ክሊክ እንደ አራት ይቆጠራል። ይህ ክብደት አማካዩን ከአድልዎ ነጻ እንደሚያደርገው፣ በክሊክ ለሚሠለጥን ደርዳሪም እንዴት እንደሚገባ ቶርስተን ዮአኪምስና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጽሑፍ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጭቅጭቅ ስለ ቀመሩ ሳይሆን `theta`ን ከየት እናምጣ በሚለው ላይ ነው። ከታች የማነጻጽራቸው መንገዶችም ለዚሁ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ከእነሱ በፊት ግን መልስ የሚመስለውን አንድ ስህተት ላንሳ፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ። በየቦታው ያለውን አማካይ የክሊክ መጠን ከሎጉ አወጣሁ። 1ኛው ቦታ 20 በመቶ፣ 5ኛው 2 በመቶ ነበር። አንዱን ለሌላው አካፍዬ 0.1 አገኘሁና `theta` ይህ ነው አልኩ። ደርዳሪውን በዚያ አሠልጥነን ስንለቀው ለዓመታት ማንም ያልፈለጋቸው ሰነዶች ወደ ላይ ተተኮሱ። ነገሩ ሲጣራ ስህተቱ ቀላል ነው፤ 5ኛው ቦታ ክሊክ ያነሰው ስለማይታይ ብቻ ሳይሆን የቀደመው ደርዳሪ ደካማ ሰነዶችን እዚያ ስለሚያስቀምጥም ነው። እውነተኛው `theta` 0.25 ሆኖ በ5ኛው ቦታ ያሉ ሰነዶች በአማካይ 8 በመቶ ቢስማሙ፣ ብዜቱ ያንኑ 2 በመቶ ይሰጣል። እኔ የሰነዶቹንም ድክመት በቦታው ላይ ደምሬ፣ አራት ጊዜ መመዘን የነበረበትን ክሊክ አስር ጊዜ መዘንኩት።

እንግዲህ ፍርዱ እዚህ ላይ ነው። የቦታውን ከሰነዱ ለመለየት ያው አንድ ሰነድ በሁለት ቦታ መታየት አለበት። እያንዳንዱ መንገድ የሚለካው ይህን ልዩነት ከየት እንደሚያመጣ ነው።

## አንደኛው መንገድ፦ ሆን ብሎ ቦታ ማለዋወጥ

ንጹሑ መንገድ ይህ ነው። ከፍለጋዎቹ ጥቂቱን ለይተን፣ በእነሱ ላይ 1ኛውና 5ኛው ሰነድ በሳንቲም ዕጣ ቦታ እንዲለዋወጡ እናደርጋለን። ግማሹ ጊዜ እንደነበሩ ይቆያሉ፣ ግማሹ ጊዜ ይገለበጣሉ። ዕጣው ስለ ሰነዶቹ ምንም ስለማያውቅ፣ በሁለቱም ቦታ ላይ የቆሙት ሰነዶች በአማካይ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የክሊኮቹ ጥምርታ `theta` ራሱ ነው። በ20,000 ፍለጋ ላይ ሞከርን እንበል። 1ኛውን ቦታ የያዘው 2,000 ክሊክ፣ 5ኛውን የያዘው 500 ክሊክ ካገኘ፣ ጥምርታው 0.25 ነው።

ውጤቱ ምን ያህል ይታመናል? ግምታዊው ሒሳብ የሁለቱን የክሊክ ቁጥሮች ግልባጭ ደምሮ ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። 1/2,000 እና 1/500 ሲደመሩ 0.0025 ይሆናሉ፣ ሩቱ 0.05 ነው። ስለዚህ መደበኛ ስህተቱ 5 በመቶ ያህል ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ክሊኮቹ 400 እና 100 ብቻ ቢሆኑ ግን ስህተቱ ወደ 11 በመቶ ያድጋል፤ እውነተኛው ቁጥር 0.20ም 0.30ም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ወሳኙ የፍለጋው ብዛት ሳይሆን በታችኛው ቦታ ላይ የተገኘው ክሊክ ነው።

ዋጋውንም በዚሁ እንተምነው። በቀን 50,000 ፍለጋ የሚያስተናግድ መፈለጊያ 5 በመቶውን ለዚህ ቢመድብ በቀን 2,500 ይሆናል፤ 20,000 ለመሙላት ስምንት ቀን ይበቃል። በእነዚያ ቀናት የተበላሸ ቅደም ተከተል የሚያየው ግን ዕጣው የገለበጠባቸው ብቻ ናቸው፤ ከጠቅላላው 2.5 በመቶ። ለአለቆች ሲቀርብ ይህን ቁጥር ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ «ውጤቱን እናተራምሳለን» ሲባል ሁሉም ሰው ሙሉ በሙሉ የተዘበራረቀ ገጽ ነው የሚታየው።

1ኛውን ወደ 5ኛ መወርወር ከባድ ከመሰለ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ብቻ ማለዋወጥ ይቻላል፤ 1ኛን ከ2ኛ፣ 2ኛን ከ3ኛ እያሉ። ተጠቃሚው ልዩነቱን እምብዛም አያስተውለውም። ጥምርታዎቹን እያባዙ ወደ 5ኛው ይደርሳሉ። ዋጋው ስህተቱም አብሮ መከማቸቱ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ 5 በመቶ ስህተት ካለው፣ ከአራት እርምጃ በኋላ 10 በመቶ ይሆናል። እኔ የምመርጠው ቅይጡን ነው፤ ላይኞቹን ሦስት ቦታዎች በጎረቤት፣ ከዚያ በታች ያሉትን ከ3ኛው ጋር በቀጥታ ማለዋወጥ።

አሠራሩ ላይ ሁለት ነገር በተደጋጋሚ ይበላሻል። ዕጣው ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከተጣለ፣ ሰውየው ወደ ኋላ ሲመለስ ዝርዝሩ ይገለበጥበታል፤ ስለዚህ ዕጣው ከተጠቃሚውና ከጥያቄው ጋር መታሰር አለበት። ሁለተኛው ሎጉ ነው። መለዋወጡ የሚፈጸመው ደርዳሪው ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ሎጉ ገጹ ላይ የታየውን ሳይሆን ደርዳሪው ያሰበውን ቦታ ከመዘገበ ሙከራው ከንቱ ነው። መለዋወጡ በእርግጥ መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ግልጽ ነው፤ ከተገለበጡትና ካልተገለበጡት ፍለጋዎች የሚወጣው የሁለቱ ሰነዶች የክሊክ ጥምርታ ሊራራቅ ይገባል፣ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን መለዋወጡ ተጠቃሚው ዘንድ አልደረሰም፤ ምናልባት መሸጎጫው የድሮውን ገጽ እያቀረበ ነው።

## ሁለተኛው መንገድ፦ ካለፉ ሙከራዎች መልቀም

አንዳንዱ ቤት ማለዋወጥ በፍጹም አይፈቀድም። እንዲያም ሆኖ የኤ/ቢ ሙከራ ሲያካሂድ የኖረ ቡድን የሚያስፈልገው ነገር በእጁ አለ። ሁለት ደርዳሪዎች በአንድ ሰሞን ለተለያዩ ሰዎች ሲሠሩ፣ ያንኑ ሰነድ ለዚያው ጥያቄ አንደኛው 2ኛ ሌላኛው 4ኛ ያስቀምጡታል። ማን የትኛውን ደርዳሪ እንደሚያገኝ በዕጣ ስለተወሰነ፣ ይህም ሳይታሰብ የተደረገ ማለዋወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሥራ ዘዴውን በሥርዓት አስቀምጦታል።

ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሙከራው 90 ለ 10 የተከፈለ ከሆነ ክሊኮቹ በዚያው መጠን መካካስ አለባቸው፤ ከትንሹ ቡድን የመጣ ክሊክ በ0.1፣ ከትልቁ የመጣ በ0.9 ይካፈላል። ሌላውና የሚበልጠው፣ ንጽጽሩ በአንድ ጊዜ በሚሠሩ ደርዳሪዎች መካከል ብቻ መሆን አለበት። ያለፈውን ወርና የአሁኑን ወር ማነጻጸር ያጓጓል፤ ነገር ግን ሰነዱ ከ5ኛ ወደ 1ኛ የወጣው ሰዎች ስለፈለጉት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ዕጣ የለም፣ ያ የድሮው ስህተት በሌላ በር ተመልሷል።

ድክመቱ ደርዳሪዎቹ ከተመሳሰሉ ይታያል። አንድ ቤት የሚሠራቸው ደርዳሪዎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሰነድ ከ3ኛ ወደ 4ኛ ይንቀሳቀሳል እንጂ ከ1ኛ ወደ 8ኛ አይዘልም። ስለዚህ የጎረቤት ጥምርታ በብዛት ይገኛል፣ የሩቁ ግን በሰንሰለት መገመት አለበት።

## ሦስተኛው መንገድ፦ ምንም ሳይነኩ ከሎጉ መገመት

እዚህ ሁለት ዘዴዎች አሉ፣ ባሕርያቸው ግን አንድ ነው። አንደኛው ኢ.ኤም. ይባላል። ከግምት ይነሳል፣ ያልተከፈተው ሰነድ «ስላልታየ ነው ወይስ ታይቶ ስላልተወደደ» የሚለውን በዕድል ያከፋፍላል፣ በዚያ `theta`ንና ተስማሚነትን ያሻሽላል፣ ይደጋግማል። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ለኢሜይልና ለፋይል ፍለጋ ያቀረቡት ይህን ከሪግሬሽን ሞዴል ጋር ያጣመረ ነው። እንዲህ ባለ ፍለጋ አንድ ሰነድ የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ያው ጥያቄና ያው ሰነድ ደጋግመው አይገናኙም፤ ሞዴሉ ሰነዱን በስሙ ሳይሆን በባሕርያቱ እንዲያውቀው ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የሁለት ማማ ሞዴል ነው። አንዱ ማማ የሰነዱንና የጥያቄውን ባሕርያት፣ ሌላው ቦታውንና ስልክ ወይም ኮምፒውተር መሆኑን ብቻ ያያል። ሲሠለጥን ሁለቱ ይደመራሉ፣ ሲያገለግል የቦታው ማማ ይጣላል። የዩቲዩብ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 የቪዲዮ ጥቆማ ሥርዓቱን ሲገልጽ ይህን ተጠቅሟል፤ ሞዴሉ በቦታ ላይ ከመጠን በላይ እንዳይደገፍ በሥልጠና ጊዜ ከ10 በመቶው ላይ የቦታውን መረጃ ይደብቁበት ነበር።

የሁለቱም መስህብ ግልጽ ነው፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ ዛሬ መጀመር ይቻላል። ግን መግቢያው ላይ ወዳነሳነው የታችኛው ሰነድ እንመለስ። ሁልጊዜ 5ኛ ቦታ ላይ ሆኖ 8 በመቶ ተከፍቷል። 0.08 የ0.25 እና የ0.32 ብዜት ነው፣ የ0.5 እና የ0.16ም ነው፣ የ0.1 እና የ0.8ም ነው። ሰነዱ ካልተንቀሳቀሰ የትኛውም ሒሳብ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አይችልም። ኢ.ኤም. አንዱን ይሰጠናል፤ የትኛውን እንደሚሰጠን የሚወስነው ግን የተነሳንበት ግምት ነው። የሁለት ማማ ሞዴልም ያው ነው። የቀደመው ደርዳሪ ጎበዝ ከነበረ ቦታው ራሱ የሰነዱን ጥራት ስለሚናገር፣ የቦታው ማማ የተስማሚነቱን ዕውቀት ይውጠዋል። ከዚያ ያንን ማማ ስንጥለው የምንጥለው ከአድልዎው ጋር ጥራቱንም ነው።

መክፋቱ፣ ይህ ችግር በተለመደው መለኪያ አይታይም። ሞዴሉ ክሊክን በጣም ጥሩ አድርጎ ይተነብያል። የቻይናው የፍለጋ ኩባንያ ባይዱ እ.ኤ.አ. በ2022 ለተመራማሪዎች በለቀቀው ትልቅ የክሊክ ሎግ ላይ ከሁለት ዓመት በኋላ የተደረገ ምርመራም፣ የእርማት ዘዴዎቹ የክሊክ ትንበያን በግልጽ ሲያሻሽሉ በባለሙያዎች ዳኝነት የሚለካውን ቅደም ተከተል ግን በዚያው ልክ እንዳላሻሻሉ አሳይቷል።

አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። ኢ.ኤም.ን ከሁለት የተራራቁ መነሻዎች አስጀምሩት፤ በአንዱ `theta` ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ በሌላው ገደል የሚገባ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ በሎጉ ውስጥ በቂ እንቅስቃሴ አለ። ካልተገናኙ ያገኛችሁት ቁጥር የራሳችሁ መነሻ ነው።

## ስለዚህ የትኛው?

ማለዋወጥ ከተፈቀደላችሁና 5ኛው ቦታ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቂት መቶ ክሊክ የሚያገኝ ከሆነ፣ ሌላውን አታስቡ፤ አለዋውጡ። አንድ ጊዜ የተለካው ተርታ የገጹ አቀማመጥ እስኪቀየር ድረስ በአመዛኙ ያገለግላል። የስልኩን ከኮምፒውተሩ ለይታችሁ ለኩ፤ በስልክ ሁለት ውጤት ብቻ በሚታይበትና በኮምፒውተር ስድስት በሚታይበት ገጽ የሁለቱ አማካይ የማንም አይደለም።

ማለዋወጥ ተከልክሎ ግን የዕጣ ሙከራዎች በመዝገብ ካሉ፣ መልቀሙ ይሻላል። ሁለቱም ከሌሉ ሦስተኛው መንገድ ይቀራል፤ ግን ፍተሻውን ካለፈ ብቻ። ካላለፈ፣ መቶ ወይም ሁለት መቶ ጥያቄዎችን ወስዶ በሰው ማስዳኘት፣ ደርዳሪውንም በዚያ መመዘን ከማይታወቅ `theta` የተሻለ ነው። የፍለጋው ብዛት በቀን ጥቂት መቶ በሆነበት ቦታ ደግሞ ክሊክ ከመጀመሪያውም በቂ መማሪያ አይደለም።

## ከተለካ በኋላ የሚቀረው

`theta` በእጃችን ቢሆንም ሁለት ችግሮች ይቀራሉ። የመጀመሪያው ታች ያሉ ቦታዎች ናቸው። 10ኛው ቦታ 0.05 ከሆነ አንድ ክሊክ ሃያ ይመዝናል፤ አንድ ሰው ተሳስቶ የነካው ሰነድ ሃያ ሰው የፈለገው ይመስላል። የተለመደው መፍትሔ ጣሪያ ማበጀት ነው።

```python
w = 1 / max(theta[k], 0.1)
```

ከዚህ በኋላ ማንም ክሊክ ከአስር በላይ አይመዝንም። ጥቂት አድልዎ መልሰን አስገብተናል፣ በምትኩ ግን ሞዴሉ በየሥልጠናው አይወዛወዝም።

ሁለተኛው ይከብዳል፣ በማካፈልም አይታረምም። ዮአኪምስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 የሰዎችን ዓይን እየተከታተሉ ባደረጉት ጥናት የውጤቶቹን ቅደም ተከተል ሳይናገሩ ገለበጡት፤ ሰዎቹ ያኔም ወደ ላይኞቹ አዘነበሉ። ሰው ላይኛውን የሚከፍተው ስላየው ብቻ ሳይሆን «ላይ ያስቀመጡት ቢያውቁ ነው» ብሎም ነው። ይህ የእምነት አድልዎ የሚባለው ሲኖር፣ ደካማ ሰነድ 1ኛ ቦታ ላይ የማይገባውን ክሊክ ያገኛል፤ የ1ኛው ቦታ ክብደት ደግሞ 1 ስለሆነ ምንም አይቀነስለትም።

መኖሩን ለማወቅ የማለዋወጡ ዳታ ይበቃል፣ ሌላ ሙከራ አያስፈልግም። ከተለዋወጡት ሰነዶች የተወሰኑትን በሰው አስዳኝታችሁ «የሚስማማ» እና «የማይስማማ» ብላችሁ ክፈሉና፣ የ5ኛውን ለ1ኛው ጥምርታ ለየብቻ አውጡ። መታየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ጥምርታዎች እኩል በሆኑ ነበር፤ ዓይን ሰነዱ ጥሩ ይሁን መጥፎ ሳያይ አያውቅምና። የሚስማሙት 0.27፣ የማይስማሙት 0.12 ከሰጡ ግን መጥፎዎቹ ላይ ሲወጡ ከሚገባቸው በላይ እየተከፈቱ ነው። ያኔ ማካፈል ብቻውን አይበቃም፤ ከየቦታው ክሊክ ላይ መጀመሪያ ያንን የማይገባ ድርሻ መቀነስ፣ ከዚያ በኋላ ማካፈል ያስፈልጋል። የሚቀነሰው መጠን የሚገኘውም ከዚያው ሠንጠረዥ ነው፤ የማይስማሙት ሰነዶች በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ካገኙት የክሊክ መጠን።